በአውንስ የተነገረ የወርቅ ዋጋ ግራም ላይ ሲደርስ

ከዓመታት በፊት መቆለፊያው የተሰበረ ባለ 18 ካራት አምባር ልሸጥ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። ባለሱቁ አምባሩን አገላብጦ ማህተሙን በአጉሊ መነጽር አየ፤ ሚዛን ላይ አኖረው፤ 20 ግራም ሆነ። ከዚያም «በግራም 92 ዶላር እወስደዋለሁ» አለኝ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አስተካክዬአቸዋለሁ፤ ታሪኩ ግን እንዳለ ነው።

እኔ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። የዕለቱ የዓለም ገበያ ዋጋ በአውንስ 4,000 ዶላር ነው እንበል። ስልኬ አንድ አውንስ ስንት ግራም እንደሆነ ሲጠየቅ 28.35 ብሎ መልሷል። 4,000ን ለ28.35 አካፍዬ 141.09 አገኘሁ፤ 18 ካራት ሦስት አራተኛው ወርቅ ስለሆነ በ0.75 አባዛሁት፤ በግራም 105.82 ዶላር ወጣ። ሰውየው በእያንዳንዱ ግራም ላይ ወደ 14 ዶላር ሊነጥቀኝ መሆኑ ነው! አምባሬን ከሚዛኑ ላይ አንስቼ ፊቴን አጥቁሬ ወጣሁ።

ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ስሌቱን ስከልስ ስህተቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ማካፈሉም ማባዛቱም ልክ ነው። የተሳሳትኩት አውንሱን ነው።

አውንስ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ክብደቶች አሉ። አንደኛው በአሜሪካ የምግብ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ተራው አውንስ ነው፤ 28.35 ግራም ይመዝናል። ሁለተኛው ወርቅ፣ ብርና ፕላቲኒየም የሚሸጡበት ትሮይ አውንስ ነው፤ ክብደቱ 31.1035 ግራም ነው። ስሙ ትሯ ከተባለችው የፈረንሳይ የገበያ ከተማ እንደመጣ በብዛት ይነገራል። ሁለቱም የሚሰፈሩት «ግሬን» በሚባል አንድ ትንሽ መለኪያ ሲሆን፣ ተራው አውንስ 437.5 ግሬን ሲይዝ ትሮይ አውንስ 480 ይይዛል። ልዩነቱ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። (ፓውንድ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ትሮይ ፓውንድ 12 አውንስ ብቻ፣ ተራው ፓውንድ 16 አውንስ ስለሆነ፣ አንድ ፓውንድ ጥጥ ከአንድ ፓውንድ ወርቅ ይከብዳል።) አውንስን በአማርኛ «ወቄት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ወቄት የራሱ ክብደት ያለው ሌላ ሚዛን ስለሆነ እኔ እዚህ አልጠቀምበትም፤ ከተጠቀምኩበት ያንኑ የድሮ ስህተቴን በሌላ በር ማስገባት ይሆናል።

የወርቅ ዋጋ በዜናም ሆነ በገበያ ሰንጠረዥ ላይ «በአውንስ» ተብሎ ሲነገር፣ «ትሮይ» የሚለው ቃል ባይጠቀስም ሁልጊዜ ትሮይ አውንስ ነው። በስክሪን ላይ `XAU/USD` የሚል ካዩም ትርጉሙ የአንድ ትሮይ አውንስ ንጥር ወርቅ ዋጋ በአሜሪካ ዶላር ማለት ነው። የስልክ መለወጫዎች ግን ሌላ መግለጫ ካልተሰጣቸው ተራውን አውንስ ይወስዳሉ። ትሮይ አውንስ አብዛኛውን ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል፤ ፈልገው ካልመረጡት አያገኙትም። ለማረጋገጥ አንድ አውንስ ብለው አስገብተው የሚሰጣችሁን ቁጥር ማየት ይበቃል። በ28 የሚጀምር ከሆነ ለወርቅ አይሆንም።

ትክክለኛው ስሌት ይኸውና፤

```
4000 ÷ 31.1035 = 128.60
128.60 × 0.75  = 96.45
```

የመጀመሪያው መስመር የአንድ ግራም ንጥር ወርቅ ዋጋ ነው። ሁለተኛው የአንድ ግራም ባለ 18 ካራት ወርቅ ዋጋ ነው። እንግዲህ ባለሱቁ ከ96.45 ዶላር ላይ 92 ሊሰጠኝ ነበር፤ ከወርቁ ዋጋ 95 በመቶውን ማለት ነው። የቀረችው 4.45 ዶላር አምባሩን አስቀልጦ ለማስነጠርና ለራሱ ትርፍ ነበረች። እኔ ግን ዘራፊ ብዬው ወጣሁ፤ በአፌ ባልለውም በፊቴ ብዬዋለሁ።

ካልኩሌተር በእጅዎ ከሌለ አንድ አቋራጭ አለ። አንድ ኪሎ 32.15 ትሮይ አውንስ ነው። ስለዚህ የአውንሱን ዋጋ በ32.15 አባዝቶ ለሺህ ማካፈል ያው ውጤት ይሰጣል። 4,000ን ለሺህ ሲያካፍሉት 4 ይሆናል፤ 4 ጊዜ 32 ደግሞ 128 ነው። ሱቅ ውስጥ ቆሞ በጭንቅላት ለሚያሰላ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ይህ ስህተት ተንኮለኛ የሚሆነው ሻጭንና ገዢን የሚያታልልበት አቅጣጫ የተለያየ በመሆኑ ነው። በ28.35 ያካፈለ ሰው የወርቁን ዋጋ ከእውነተኛው ወደ 10 በመቶ አስበልጦ ያያል። ሻጭ ከሆነ እንደ እኔ ደህና ዋጋ የሰጠውን ሰው ይጠረጥራል። ገዢ ከሆነ ግን ውድ ዋጋ ርካሽ መስሎ ይታየዋል፣ አመስግኖም ይከፍላል። የመጀመሪያው ቢያንስ ተናዶ ቤቱ ሲገባ ስሌቱን ይከልሳል። ሁለተኛው ምንም የሚያስከልሰው ነገር ስለሌለ መሳሳቱን ሳያውቅ ይኖራል።

አሁን ወደ ገዢው እንሂድ። አንድ ሰው ባለ 18 ካራት የአንገት ሐብል ሊገዛ ነው እንበል። ሐብሉ ሚዛን ላይ 12.40 ግራም ሆነ፤ ባለሱቁ በግራም 118 ዶላር ጠራ። ጠቅላላው 1,463.20 ዶላር ነው። ይህ ደህና ዋጋ ነው ወይስ አይደለም?

መጀመሪያ ካራቱን እንይ። የወርቅ ካራት ከ24 የሚቆጠር ድርሻ ነው። 24 ካራት ንጥር ወርቅ ሲሆን፣ 18 ካራት ማለት ከ24ቱ 18ቱ ወርቅ፣ የቀረው እንደ መዳብና ብር ያለ ሌላ ብረት ነው። ማህተሙ ይህንኑ በሺህ ያስቀምጠዋል፤ 18 ካራት 750፣ 21 ካራት 875፣ 22 ካራት 916፣ 14 ካራት ደግሞ 585 ተብሎ ይመታል። ለስሌት የሚመቸው ማህተሙ ነው። ቁጥሩን ለሺህ አካፍለው የንጥር ወርቁን ዋጋ ማባዛት ብቻ ነው። የዓለም ገበያ ዋጋ ሁልጊዜ የንጥር ወርቅ ዋጋ ስለሆነ፣ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው የ24 ካራት ዋጋ ከ18 ካራት ጌጥ ጋር ያወዳድራል። በዚህ ምሳሌ 118 ከ128.60 ስለሚያንስ ሐብሉ ከወርቁ በታች እየተሸጠ ነው ብሎ ሊደሰት ሁሉ ይችላል።

በትክክል ሲሰላ ግን በሐብሉ ውስጥ ያለው ወርቅ በግራም 96.45 ያወጣል፤ ባለሱቁ የጠራው 118 ነው። በመካከላቸው 21.55 ዶላር፣ ማለትም ወደ 22 በመቶ ልዩነት አለ። ያን የድሮ ስሌቴን ይዤ ብሄድ ልዩነቱ 11.5 በመቶ ብቻ መስሎ ይታየኝ ነበር።

22 በመቶ በራሱ ብዙ ነው ወይም ጥቂት ነው ማለት አይቻልም። በውስጡ የእጅ ዋጋ አለ፣ የሱቁ ትርፍ አለ፣ እንደየአገሩ ግብርና ቀረጥም ይኖራል። የእጅ ዋጋ ደግሞ ከሥራው ጋር ይለያያል። በማሽን የተጎነጎነ ተራ ሰንሰለትና አንጥረኛ ቀናት የፈጀበት ጥልፍልፍ ሥራ ክብደታቸው እኩል ቢሆን እንኳ አንድ ዓይነት የእጅ ዋጋ አይጠየቅባቸውም። ስሌቱ የሚሰጠን ከ1,463 ዶላሩ ውስጥ 1,196ቱ ወርቅ፣ 267ቱ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ነው። ድርድር የሚቻለው በ267ቱ ላይ ነው። ወርቁን ባለሱቁም የሚገዛው በዓለም ዋጋ ስለሆነ፣ «ወርቁን ቀንስልኝ» የሚል ገዢ ብዙ አይራመድም። «የእጅ ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ባለሱቁ ራሱ ሊቀንስ የሚችለውን ነገር ጠይቋል።

ሐብሉን ግን ገና አልጨረስነውም። ማንጠልጠያው ላይ ፈርጦች አሉበት፤ ወረቀቱም «የፈርጥ ክብደት 4.5 ካራት» ይላል። እዚህ ላይ ቋንቋው ራሱ ወጥመድ ያኖራል። የፈርጥ ካራት ከወርቅ ካራት ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። የፈርጡ ካራት ክብደት ነው፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም ነው። ስለዚህ 4.5 ካራት ፈርጥ 0.9 ግራም ይመዝናል። ሚዛኑ ያነበበው 12.40 ግራም ይህንን ጨምሮ ነው፤ የብረቱ ክብደት 11.50 ግራም ብቻ ነው።

ይህቺ አንድ ግራም የማትሞላ ነገር ስሌቱን ምን ያህል እንደምትቀይረው እንይ። 11.50 በ96.45 ሲባዛ ወርቁ 1,109 ዶላር ገደማ ይሆናል። ዋጋው ግን ያው 1,463 ነው። ከወርቁ በላይ የሚከፈለው ከ267 ወደ 354 ዶላር፣ ከ22 በመቶ ወደ 32 በመቶ አደገ። ፈርጦቹ የከበሩ ከሆኑ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም አልማዝ ከሆኑ ዋጋቸው ከወርቁ ሊበልጥ ስለሚችል ለብቻቸው ተቆጥረው ለብቻቸው ሊጠሩ ይገባል። ተራ ብርጭቆ ወይም ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከሆኑ ግን ገዢው ብርጭቆን በወርቅ ዋጋ እየገዛ ነው። ለዚህ ነው ፈርጥ ያለበት ጌጥ ላይ በግራም የተጠራ ዋጋ የማልወደው። «ፈርጡ ተቀንሶ ነው ወይስ አብሮ የተመዘነው?» የሚል ጥያቄ ባለሱቁን አያስቀይመውም፤ መልሱ ግን ከማንኛውም ስሌት በፊት ያስፈልጋል።

እስካሁን በዶላር ብቻ አሰላን። አብዛኛው ወርቅ ቤት የሚጠራው ግን በአገሩ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ የምንዛሪ ተመን መሃል ይገባል። ዘወትር የሚደረገው የአውንሱን ዋጋ ወደ አገር ገንዘብ ለውጦ ከዚያ ወደ ግራም መውረድ ነው። እኔ ግን ተገላቢጦሹን እመርጣለሁ፤ ከባለሱቁ ዋጋ ተነስቼ ወደ አውንስ እወጣለሁ። አንድ ዶላር በባንክ 50 የአገር ገንዘብ ነው እንበል፤ ባለሱቁም የ18 ካራቱን ግራም 5,900 ጠራ። 5,900ን በ31.1035 አባዝተን ለ0.75 ስናካፍለው 244,681 ይሆናል፤ ይህ በባለሱቁ ዋጋ የአንድ አውንስ ንጥር ወርቅ ዋጋ ነው። ይህንን ለዓለም ገበያው 4,000 ዶላር ሲያካፍሉት 61.17 ይወጣል። እንግዲህ ባለሱቁ ሳይናገረው አንድ ዶላርን በ61.17 እየመነዘረልን ነው ማለት ነው፤ ባንኩ 50 ነው የሚለው።

በ50 እና በ61.17 መካከል ያለው ክፍተት ያው የቀደመው 22 በመቶ ነው፤ አዲስ ነገር አልተፈጠረም። የዚህ መንገድ ጥቅሙ የተለያዩ ሱቆችን፣ የተለያዩ ካራቶችን፣ የተለያዩ ቀናትን በአንድ ቁጥር ማወዳደር ማስቻሉ ነው። አንዱ ሱቅ 21 ካራት፣ ሌላው 18 ካራት ቢጠራ፣ ሁለቱንም በዚህ መንገድ ሲያወጧቸው የትኛው እንደሚወደድ ወዲያው ይታያል። ሁሉም ሱቆች ከባንኩ ተመን እኩል ርቀው ከተገኙ ምክንያቱ በአንዱ ባለሱቅ ስግብግብነት ላይ ሳይሆን በቀረጥ፣ በግብር ወይም ወርቅ ወደ አገሩ በሚገባበት መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከራቀ ደግሞ ጥያቄው ለእሱ ነው። ባንኮች የሚገዙበትና የሚሸጡበት ተመን ስለሚለያይ፣ ወርቅ የሚገዛ ሰው ባንኩ ዶላር የሚሸጥበትን ከፍተኛውን ተመን ይያዝ፤ ወርቅ አስመጪውም ዶላር የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው።

ሰዓትም ልብ ሊባል ይገባል። የወርቅ ዋጋ በሥራ ቀናት ሌት ተቀን ይንቀሳቀሳል፤ ለውል ማጣቀሻ የሚሆነው የለንደኑ ዋጋ ደግሞ በሥራ ቀን ሁለት ጊዜ፣ በለንደን አቆጣጠር ከረፋዱ 10:30 እና ከቀትር በኋላ 3:00 ላይ ይወጣል። ቅዳሜና እሑድ ስክሪን ላይ የሚያዩት በአብዛኛው ዓርብ የተዘጋበትን ዋጋ ነው። ባለሱቁ ሰሌዳውን በየደቂቃው አይለውጥም፤ ጠዋት የጻፈውን ዋጋ ማታም ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ በስሌትዎና በእሱ ዋጋ መካከል የአንድ በመቶ ልዩነት ቢያገኙ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ጠብ አይገባውም። ልዩነቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ከሆነ ግን ባለሱቁን ከመክሰስ በፊት በስንት እንዳካፈሉ ይመልከቱ። 9.7 በመቶ ማለት የሁለቱ አውንሶች ልዩነት ስለሆነ፣ ይህን የሚመስል ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ ራሴን ነው የምጠረጥረው።

ስሌቱ የማይመልሰው አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። 750 የሚል ማህተም የተመታበት ጌጥ በእርግጥ 750 መሆኑን ወረቀትና እርሳስ አያረጋግጡም። በላዩ ወርቅ የተቀባ መዳብም ማህተም ሊመታበት ይችላል፤ ተሰብሮ የተበየደ አሮጌ ጌጥ ደግሞ ብየዳው ካራቱ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀልጦ ሲለካ ከማህተሙ ትንሽ ወርዶ ይገኛል። ይህ የሚታወቀው በመፈተሻ ድንጋይና አሲድ ወይም በኤክስሬይ መለኪያ ነው። የእኔም አምባር መቆለፊያው አንድ ጊዜ ተበይዶ ነበር፤ ባለሱቁ ማህተሙን ካየ በኋላ ለምን መቆለፊያው ላይ ብዙ እንደቆየ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከሳምንት በኋላ አምባሩን ይዤ ወደዚያው ሱቅ ተመለስኩ። በመሃል የወርቅ ዋጋ ወርዶ አውንሱ 3,900 ዶላር ሆኗል። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ለ31.1035 አካፈልኩ፣ በ0.75 አባዛሁ፤ በግራም 94.04 ወጣ። ሰውየው አስታወሰኝ፤ ፈገግ ብሎ አምባሩን እንደገና መዘነና «በግራም 89.70» አለኝ። 89.70ን ለ94.04 አካፈልኩት፤ 95 በመቶ ከትንሽ ነገር፣ ልክ እንደ በፊቱ። ከሳምንት በፊት ከሰጠኝ ዋጋ በግራም 2.30 ዶላር ቀንሷል፤ ለ20 ግራሙ 46 ዶላር ማለት ነው። እሷም ወደ እሱ ኪስ አልገባችም፤ ገበያው ነው የወሰዳት። ሸጥኩለት።